ማንጆና ካፈቾ፦ ሽማግሌ የማይላክበት ጋብቻ

በካፋ ዞን ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲያስቡ ቤተሰብ በሃይማኖት ወይም በብሔር ልዩነት ሊያንገራግር ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን በማንጆና በካፈቾ ማኅበረሰቦች መካከል ያለው አጥር ነው። ማንጆዎች ካፊኖኖ ይናገራሉ፤ ከካፈቾዎች ጋር በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በጋብቻ ግን አይተሳሰሩም።

ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. በወደቀው የካፋ መንግሥት ማንጆዎች አዳኞችና የግዛቱ በር ጠባቂዎች ነበሩ። ኋላ ላይ ማገዶና ከሰል እየሸጡ መተዳደር ያዙ። ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ እየተባለ እንደ ርኩስ ተቆጠሩ፤ የካፈቾ ቤት አይገቡም፣ ከካፈቾ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። በልማዱ መሠረት ማንጆ ያገባ ካፈቾ ራሱ ማንጆ ይሆናል፤ ልጆቹም እንዲሁ። ስለዚህ ወላጆች የሚፈሩት ለአንዷ ልጃቸው ብቻ አይደለም፤ የእህቶቿን ጠያቂ፣ የወንድሞቿንም ስም ያስባሉ።

ብዙ ማንጆዎች መውጫ መንገድ በሃይማኖት ፈልገዋል። ተጠምቀው ካፈቾን የክርስትና አባት ያደረጉ አሉ፤ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት የሆኑም አሉ። አብሮ መጸለይ ግን አብሮ መጋባትን አላመጣም።

እንበልና አንዲት የካፈቾ መምህርትና አንድ የማንጆ ጤና ባለሙያ ሊጋቡ ወሰኑ። በሕግ የሚከለክላቸው የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች በዘርም በሃይማኖትም ልዩነት ሳይደረግባቸው የመጋባት መብት አላቸው ይላል፤ ጋብቻው የሚጸናውም በሁለቱ ፈቃድ ነው። አባቷ «ከውርስ እነቅልሻለሁ» ቢሏትም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ምክንያቱ በኑዛዜው በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ምክንያቱ በቂ መሆኑንም ዳኛ ይመዝናል።

የቤተሰብ ጫና ግን ሕግ በማይደርስበት በኩል ይመጣል። ልጁ ሽማግሌ ልላክ ቢል የሚሄድለት የካፈቾ ሽማግሌ ማግኘት ይቸግረዋል። ቢጋቡ እንኳ አራስ ስትሆን የሚጠይቃት ማነው? ቤቷ ቡና ስታፈላ ጎረቤት ስኒውን ይቀበላታል? እናቷ ቢሞቱ እሱ ከለቀስተኞቹ መሃል ይቀመጣል?

ሁለቱ እነዚህን ጥያቄዎች ከሠርግ በፊት፣ በስም እየጠሩ ቢነጋገሩባቸው ይበጃቸዋል፦ ከዘመድ ማን አብሮን ይቆማል፣ የት እንኖራለን፣ ልጆቻችንን ማን ያቅፍልናል? ከእሷ ወገን አንድ አጎት ወይም አክስት እንኳ ደጃቸውን ከረገጡ ለሌላው ዘመድ መንገድ ይከፈታል። ማንም ከሌለ ግን ራቅ ወዳለ ከተማ መሄድ ሽንፈት አይደለም።

ሸክሙን ለሁለት ወጣቶች ብቻ መተው ግን አግባብ አይመስለኝም። የካፋ ቄሶች፣ ፓስተሮችና የአገር ሽማግሌዎች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ ሲመጣ እሺ በሉት።