ሁለቱ የስፓኒሽ ኃላፊ ጊዜያት በአንድ የልጅነት ታሪክ

ስፓኒሽ ያለፈን ነገር የሚተርክባቸው ዋና ዋና መልኮች ሁለት ናቸው። ኢምፐርፌክቶ ልማድንና ሁኔታን ያሳያል፤ ኢንዴፊኒዶ ደግሞ ተፈጽሞ ያለቀ ድርጊትን። ልጅነት በልማድ የተሞላ ስለሆነ፣ ልዩነቱን ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ለማሳየት የልጅነት ታሪክ ይመቻል።

ታሪኩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ አንዲት የግራናዳ ልጅ በየበጋው ወደ አያቷ መንደር ትሄድ ነበር፣ «ኢባ»። ውሻው በር ላይ ይተኛ ነበር፣ «ዶርሚያ»። እስከዚህ ድረስ ምንም አልተከሰተም። ከዚያም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሻው ጠፋ፣ «ዴሳፓሬሲዮ»። ልጅቷ ሮጠች፣ «ኮሪዮ»፤ ወንዝ ዳር አገኘችው፣ «ሎ ኤንኮንትሮ»። ታሪኩን ወደፊት የሚገፉት እነዚህ ናቸው።

አማርኛ ተናጋሪ «ትሄድ ነበር»ን ከ«ሄደች» ስለሚለይ እዚህ ላይ ብዙም አይቸገርም። የሚያሳስተው «ነበር» ብቻውን ሲመጣ ነው። «ቤቱ ትልቅ ነበር» ገለጻ ስለሆነ «ኤራ» ይባላል፤ «ያ ቀን ረጅም ነበር» ሲባል ግን ያለቀውን ቀን በጥቅሉ ስለሚመዝን «ፉዌ» ይሆናል። የጊዜ ርዝመትም አይወስንም፤ ሌሊቱን ሙሉ የዘነበ ዝናብ ወሰን ስላለው «ዮቢዮ» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚጻፍ ታሪክ እንግዲህ ሁለቱንም ዓይነት «ነበር» መያዝ አለበት።