ምስር፣ ጎመን እና ከማዕድ በኋላ የሚመጣው ቡና፦ ብረቱ ወዴት ይሄዳል?

በጾም ወቅት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች የሚቀርበው ማዕድ ተመሳሳይ ነው። እንጀራ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ በአንድ ጥግ ደግሞ አዚፋ እና ስንግ ቃሪያ። ማዕዱ ሳይነሳ ቡናው ይቆላል፤ እጅ ታጥቦ ብዙም ሳይቆይ አቦሉ ይቀዳል።

በዚህ ማዕድ ላይ ብረት አለ። ምስር ከጥራጥሬዎች መካከል በብረት ይዘቱ ከሚጠቀሱት አንዱ ሲሆን፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር ከ6 እስከ 7 ሚሊ ግራም የሚደርስ ብረት ይይዛል። ነገር ግን በሳህኑ ላይ ያለው ብረት እና ወደ ደም የሚገባው ብረት በእጅጉ ይለያያሉ። ልዩነቱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ያ የቡና ስኒ የሚቀርብበት ሰዓት ነው።

ጉዳዩ ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች እና ለሕፃናት ቀላል አይደለም። በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ አኃዙ 57 በመቶ ነበር። የደም ማነስ ሁሉ ከብረት እጥረት አይመጣም፤ ወባ እና የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችም ትልቅ ድርሻ አላቸው። የብረት እጥረት ግን ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ነው።

በአንጀት ደጃፍ ላይ

በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ብዙው ክፍል ከደም ቀይ ቀለም ጋር ተሳስሮ ስለሚመጣ በራሱ መንገድ ወደ አንጀት ሕዋሳት ይገባል፤ አብረውት የተበሉ ምግቦችም እምብዛም አያደናቅፉትም። የምስር እና የጎመን ብረት ይህ ዕድል የለውም። ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የትንሹ አንጀት ክፍል ሲደርስ በቀላሉ ወደማይሟሟ መልክ ይለወጣል፤ ያልሟሟ ብረት ደግሞ በአንጀቱ ግድግዳ ማለፍ አይችልም። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ብረቱን የሚይዘው ማን እንደሆነ ዕጣውን ይወስናል።

በመጀመሪያ የሚይዘው ራሱ ምስሩ ነው። ጥራጥሬዎች ለቡቃያቸው ፎስፈረስ የሚያከማቹበት ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ይህም ብረትን አጥብቆ ያስራል። ምስርን ማሰር ወይም ማብቀል ፋይቴቱን በከፊል ይቀንሰዋል፤ እንጀራ ሲቦካም በሊጡ ላይ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። መከካት ግን በዚህ ረገድ አይረዳም። ፋይቴቱ ያለው በፍሬው ውስጥ እንጂ በገለባው አይደለምና። ገለባው የያዘው ሌላውን ብረት አሳሪ፣ ታኒንን ነው።

ሁለተኞቹ አሳሪዎች ፖሊፊኖሎች ናቸው። ታኒንም ከእነርሱ ወገን ነው፤ በሻይ እና በቡና ውስጥም በብዛት ይገኛሉ። ሥራቸውን በዓይን ማየት የሚቻልበት ቦታ አለ። የጉድጓድ ውኃው ብረት በበዛበት አካባቢ የሚፈላ ሻይ ቀለም እንደተጨመረበት ይጠቁራል። ያ ጥቁረት ፖሊፊኖሉ ከብረት ጋር የፈጠረው ትስስር ነው። ከምስር በኋላ ሻይ ሲጠጣ በአንጀት ውስጥም ተመሳሳይ ትስስር ይፈጠራል።

አንድ ሰዓት መጠበቅ ይበቃል?

በ1983 በአሜሪካ የክሊኒካል ሥነ ምግብ መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል። ተመራማሪዎቹ ሞርክ፣ ሊንች እና ኩክ አንድ ስኒ ቡና ከሃምበርገር ምግብ የሚወሰደውን ብረት በ39 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አገኙ። ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን የሰዓቱ ውጤት ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም ቅናሽ አላመጣም። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው ያህል ቀነሰው።

ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚወርደው ቀስ በቀስ ነው። እጅ ከታጠበ ከአንድ ሰዓት በኋላም ምግቡ ገና በጨጓራ ውስጥ ስላለ፣ ቡናው ደርሶ ይቀላቀለዋል። አስቀድሞ የተጠጣው ግን ምግቡ ሲመጣ መንገዱን ለቅቋል።

በ2017 በዚያው መጽሔት የወጣ የብሪታኒያ ጥናት ስለ ሻይ ጥቂት ለስለስ ያለ ውጤት አሳይቷል። ከገንፎ ጋር የተጠጣ ሻይ የብረቱን መጠን ከሲሶ በላይ ቀነሰ፤ ሻይው አንድ ሰዓት ሲዘገይ ግን ጉዳቱ በእጅጉ ቀለለ። ጥናቱ ጥቂት ሴቶችን ብቻ ያካተተ ነበር። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ላነበበ፣ ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ገደማ መቆየት የተሻለው ጥንቃቄ ነው። ቡናን ከምግብ በፊት አፍልቶ መጠጣትም ያው ጥቅም አለው፤ ለጿሚ ግን ይህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ነውና ምርጫው እንደየቤቱ ነው።

ወተት መጨመርስ? ከናይሮቢ እስከ ሞቃዲሾ የሚወደደው በወተት የተፈላ ሻይ ከጥቁሩ የሚሻል የሚመስላቸው አሉ። በ1999 የታተመ የሐሬል እና የባልደረቦቹ ጥናት ግን ወተቱ እምብዛም ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። በዚሁ ጥናት ጥቁር ሻይ ከዳቦ የሚገኘውን ብረት ከ79 እስከ 94 በመቶ ቀንሶታል። የናና ሻይም ከዚያ የማይተናነስ ነበር። ስለዚህ ለልጅ ቁርስ ዳቦ በሻይ ማቅረብ፣ ርካሽና ሙቅ ቢሆንም፣ ለብረቱ ደግ አይደለም።

የአዚፋ ጥበብ

ከአሳሪዎቹ ብረቱን የሚያስጥለው ቫይታሚን ሲ ነው። ብረቱን ወደሚሟሟ መልክ ይለውጠዋል፤ ራሱም ይዞት ወደ አንጀቱ ግድግዳ ያደርሰዋል። ይህን የሚያደርገው ግን ከብረቱ ጋር በአንድ ማዕድ ሲገኝ ነው። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለማታ ምስር አይደርስም።

አዚፋ እዚህ ላይ ከምስር ወጥ የሚለይበት ነገር አለ። ድፍኑ ምስር ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ሎሚው ይጨመቅበታል፤ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ እና የተከተፈ ቃሪያም ይገቡበታል። ቫይታሚን ሲ በሙቀት የሚጎዳ በመሆኑ፣ በቀዝቃዛ ምስር ላይ የተጨመቀ ሎሚ በሚፈላ ወጥ ውስጥ ከተጨመረ ሎሚ የበለጠ ይጠቅማል። ሱዳናውያንም ፉል ላይ ሎሚ የሚጨምቁት ሊበሉ ሲሉ ነው።

ይሁንና ሎሚው ብቻውን ብዙ አይሠራም። 100 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ አለው፤ በኢትዮጵያ ገበያ የሚገኘው ትንሹ ሎሚ ደግሞ የሚሰጠው ጭማቂ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ ነው። ይህም 10 ሚሊ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው፤ ያውም አንድ ሰው ሎሚውን ሁሉ ከወሰደ። ጥሬ ቃሪያ በክብደት ሲነጻጸር ከሎሚ ጭማቂ ከሁለት እጥፍ በላይ ይይዛል። ማዕዱ ላይ እንደ ማጀቢያ የሚታየው ስንግ ቃሪያ እንግዲህ ከሎሚው የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። ከምግቡ ጋር የተበላ አንድ ብርቱካን ወይም ቁራጭ ፓፓያም እንዲሁ።

ሻይ ውስጥ ሎሚ ጠብ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሻይው ወዲያው ስለሚነጣ ፖሊፊኖሉ የጠፋ ይመስላል። የተለወጠው በአሲዱ ምክንያት የሻይው ቀለም ነው። በ1991 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ታኒን የበዛበትን ምግብ ለመቋቋም 50 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። ጥቂት የሎሚ ጠብታ ወደዚያ አይጠጋም።

የአንድ ማዕድ ሒሳብ

ሁለት ጭልፋ ምስር ወጥ ከ50 ግራም ደረቅ ምስር ተሠራ እንበል፤ ከሦስት ሚሊ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ብረት ይኖረዋል። አንድ ድርሻ ጎመን አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ይጨምራል። የጤፉ ብረት ለጊዜው ይቆይ። ብዙው በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ስለሆነ በላብራቶሪ የሚታየውን ያህል ሰውነት አይጠቀምበትም።

ከዚህ አራት ሚሊ ግራም ውስጥ አምስት በመቶው ቢገባ 0.2 ሚሊ ግራም ይሆናል። የ1983ቱን ጥናት መጠን በዚህ ላይ ብንተገብር፣ ወዲያው የተጠጣ ቡና ወደ 0.12፣ ሻይ ደግሞ ወደ 0.07 ያወርደዋል። ቃሪያው እና ሎሚው በቂ ሆነው ቡናውም ከዘገየ ግን ወደ እጥፉ ሊጠጋ ይችላል። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 1.5 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት መተካት እንዳለባት ሲታሰብ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ሒሳቡ ግምት ነው፤ ከእውነታው የሚያርቀውም አንድ ነገር አለ። ጥናቶቹ የአንድ ማዕድ ጥናቶች ናቸው። ለሳምንታት የተለያየ ምግብ በሚበሉ ሰዎች ዘንድ የእነዚህ ነገሮች ውጤት፣ የቫይታሚን ሲም ጭምር፣ ደከም ብሎ ይታያል። ሰውነትም ብረቱ ሲያንሰው ብዙ ይቀበላል፤ ሲሞላለት ደጁን ያጠብባል። በመሆኑም ብረት የማይጎድለው ጎልማሳ ወንድ ቡናውን ከማዕድ አጠገብ ቢጠጣ የሚያሰጋው ነገር የለም።

ጎመኑስ?

በቅጠላ ቅጠሎች መካከልም ልዩነት አለ። ስፒናች በብረቱ ዝናው ቢወጣም፣ በውስጡ ያሉት ፖሊፊኖሎች ብረቱን ይዘው ያስቀሩታል። የአበሻ ጎመን የራሱ ቫይታሚን ሲ አለው። ችግሩ አሠራሩ ነው። ለረጅም ጊዜ ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ቫይታሚኑ አብሮ ይሄዳል። ኬንያውያን ሱኩማ ዊኪን በቀጭኑ ከትፈው ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያበስሉታል፤ በዚህ ረገድ ይህ የተሻለ ነው።

እጥረቱ በምን ይታወቃል?

ድካም፣ የፊት መገርጣት፣ ደረጃ ሲወጡ ማለክለክ የብረት እጥረት ምልክቶች ቢሆኑም ከሌላ ሕመምም ሊመጡ ይችላሉ። በጤና ጣቢያ የሚለካው ሄሞግሎቢን ዝቅ የሚለው የሰውነት ክምችት ከተሟጠጠ በኋላ ነው። ክምችቱን ራሱን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ በአንድ ሊትር ከ15 ማይክሮ ግራም በታች የሆነውን እንደ እጥረት ይቆጥረዋል። ኢንፌክሽን ፌሪቲንን ከፍ ስለሚያደርገው፣ በታመመ ሰው ላይ መለኪያው ወደ 70 ከፍ ይላል።

እጥረቱ በምርመራ ከተረጋገጠ ምስርና ቃሪያ ብቻቸውን ክምችቱን በቶሎ አይመልሱትም፤ ሐኪም ክኒን ያዛል። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ክኒንም ከምስሩ ብረት ጋር አንድ ዕጣ አለው። በሻይ ከተዋጠ ከፊሉ ታስሮ ይቀራል። ክኒኑ በውኃ ይዋጣል፤ ሻይና ቡናው ሁለት ሰዓት ይቆያል።