ሲጫኑት የሚጨፈለቅ ደም መልስ

አንድ እግር በድንገት ሲያብጥ፣ ባቱም ሲነኩት ሲያም፣ ሐኪም ቶሎ ከሚያዝዛቸው ምርመራዎች አንዱ የእግር ደም መልስ ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። የሚፈለገው በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ነው፤ ሐኪሞች በአጭሩ ዲቪቲ ይሉታል። የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል መልሱ በአስቸኳይ ይፈለጋል። ታካሚው ግን ከምርመራ ክፍሉ ይዞት የሚወጣው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ደጋግመው የሚነሡት ሁለት ጉዳዮች ናቸው፤ ደም መልሱ ሲጫኑት ይጨፈለቃል ወይስ አይጨፈለቅም፣ በውስጡ ያለው ደምስ እንዴት ይፈስሳል? ብዙ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በስክሪኑ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ላይ ነው። የምርመራው ዋና ሥራ ግን መጫኑ ነው።

ታካሚው በጀርባው ተኝቶ እግሩን ወደ ውጭ ያዞራል፣ ጉልበቱንም በትንሹ ያጥፋል። ደም ወደ እግር ወርዶ ደም መልሶቹን እንዲሞላ የአልጋው ራስጌ ከፍ ይደረጋል። መርማሪው ብሽሽት ላይ ጄል ቀብቶ ፕሮቡን በአግድም ያሳርፋል። ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጥቁር ክቦች ይታያሉ። አንዱ ደም ቅዳ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ከልብ ምት ጋርም ይመታል። ሌላው ደም መልስ ነው። ፕሮቡ ወደ ታች ሲጫን የጤነኛው ደም መልስ ሁለት ግድግዳዎች ይገናኙና ክቡ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ግድግዳው ስስ፣ በውስጡ ያለው ግፊትም ዝቅተኛ ነውና። ደም ቅዳው ግን ባለበት ይቀራል። መርማሪው እጁን ሲያላላ ደም መልሱ ተመልሶ ይከፈታል። ከዚያ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንደገና ይጫናል፤ እንዲህ እያለ በጭኑ ውስጠኛ ክፍል፣ በቋንጃና በባት በኩል እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል።

ማየት ብቻ ለምን አይበቃም? ገና የረጋ ደም በአልትራሳውንድ ልክ እንደሚፈስሰው ደም ጥቁር ሆኖ ሊታይ ስለሚችል ነው። ለዓይን ባዶ የሚመስል ደም መልስ በረጋ ደም የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያጋልጠው መጫኑ ነው። ቀለሙም ቢሆን ያሳስታል። ቀይና ሰማያዊው የሚነግረን ደሙ ወደ ፕሮቡ እየመጣ ወይም ከፕሮቡ እየራቀ መሆኑን ብቻ ነው። ፍሰቱ በጣም ሲያዘግም ክፍት የሆነው ሥር ቀለም ሳይዝ ሊቀር ይችላል፤ አንዳንዴም ቀለሙ ከልኩ አልፎ ይሰፋና ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን ትንሽ የረጋ ደም ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ሪፖርቱ የጭንና የቋንጃ ደም መልሶች «ኮምፕረሲብል» ናቸው ካለ፣ በተጫኑባቸው ቦታዎች ሁሉ ተጨፍልቀዋል፣ የረጋ ደም አልተገኘም ማለት ነው። «ኖን ኮምፕረሲብል» ካለ አልተጨፈለቁም ማለት ነው። «ፓርሻሊ» የሚለው ሲጨመርበት በከፊል ብቻ ተጨፍልቀዋል፤ ይህኛው ጥንቃቄ የሚፈልግ አባባል ነው። ምክንያቱ ሥሩን በከፊል የያዘ አዲስ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ከዓመታት በፊት ታክሞ ያለፈ ሕመም ጠባሳም ሊሆን ይችላል። አዲስ ሲሆን ሥሩ ይለጠጣል፣ በውስጡ ያለውም ለስለስ ያለ ነው። አሮጌ ሲሆን ሥሩ ይጠብባል፣ ግድግዳው ይወፍራል፣ በውስጡም ነጣ ያሉ ጠንካራ ክሮች ይታያሉ። በ2018 የአልትራሳውንድ ባለሙያዎች አሜሪካ ውስጥ ባወጡት የጋራ ምክር፣ እንዲህ ያለው ጠባሳ የረጋ ደም እንዳይባል የጠየቁት ሐኪሙ እንደ አዲስ ሕመም ቆጥሮ ሳያስፈልግ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንዳይጀምር ነው።

መጫን የማይደርስበት ቦታም አለ። ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ደም መልሱ በጡንቻዎች መካከል ጠልቆ ስለሚያልፍ መርማሪው ከኋላ በሌላ እጁ ጭኑን ወደ ፕሮቡ ካልደገፈው፣ ጤነኛው ሥር ሳይጨፈለቅ ሊቀር ይችላል። ባቱ በጣም ካበጠ ቀጫጭኖቹ ሥሮች በደንብ አይታዩም። ምርመራው ከቋንጃ በታች ካልወረደ ወይም ሪፖርቱ «ሊሚትድ» ካለ፣ ባት ላይ ያለ የረጋ ደም ወደ ላይ ሊያድግ ስለሚችል ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ማየት የተለመደ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ከብሽሽት በላይ ያለው ነው። የዳሌ ደም መልሶች ከአንጀት ኋላ በጥልቀት ስለተቀመጡ መጫን አይቻልም። የፍሰቱ መግለጫ ትልቅ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ጤነኛ ሰው በእርጋታ ሲተነፍስ፣ ብሽሽት ላይ የሚነበበው የደም ፍሰት ከትንፋሹ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። አየር ሲያስገባ ድያፍራሙ ወርዶ የሆድ ግፊት ይጨምራል፣ ከእግር የሚመጣው ደምም ይቀንሳል፤ ሲያስወጣ ፍሰቱ ይበረታል። ሪፖርቱ ይህን «ፌዚክ» ይለዋል። ከብሽሽት በላይ መንገዱ ከተዘጋ ወይም ከውጭ ከተጫነ የትንፋሹ ለውጥ ወደ እግር አይደርስም፤ በስክሪኑ ላይ የነበረው ሞገድ ይጠፋና ፍሰቱ ወጥ የሆነ መስመር ይሆናል። ሪፖርቱ ላይ «ኮንቲኒዩየስ» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። ቃሉ ሲሰሙት ምንም የማያሳስብ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ መታለፍ ግን የለበትም።

የሠላሳ ሳምንት ነፍሰ ጡርን ጉዳይ እንመልከት። ግራ እግሯ ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት አብጧል፣ ወገቧንም ያማታል። ሪፖርቱ የሁለቱም እግሮች ደም መልሶች ሙሉ በሙሉ ይጨፈለቃሉ ይላል፤ ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ነፃ ናት ይላል። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ግን በቀኝ ብሽሽት ፍሰቱ ከትንፋሽ ጋር እንደሚለዋወጥ፣ በግራ ግን ወጥ እንደሆነ ይገልጻል። በሁለቱም በኩል ወጥ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ አጭር አተነፋፈስ ወይም በሆድ ውስጥ ከፍ ብሎ ያለ መዘጋት ሊሆን ይችል ነበር። በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ግን ጥርጣሬውን ወደ ግራ ዳሌ ይወስደዋል። በዚያ በኩል ወደ ቀኝ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ የግራውን ደም መልስ ተሻግሮ ይጫነዋል፤ በእርግዝና ወቅት የሚረጋው ደም በአብዛኛው ግራ እግር ላይ የሚሆነውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ያደገው ማህፀን ራሱ ደም መልሱን ተጭኖ ሞገዱን ሊያጠፋው ስለሚችል መርማሪዋ ሴትየዋን በግራ ጎኗ አስተኝታ ፍሰቱን ደግማ ታነባለች። ሞገዱ ቢመለስ ኖሮ ዋናው ምክንያት ማህፀኑ ነው ይባል ነበር። አልተመለሰም። በዚህ ጊዜ ወደ ጥልቅ የሚያይ ፕሮብ ይዛ ሥሩን ከብሽሽት ሽቅብ ትከተለዋለች፤ ግራ ዳሌ ውስጥ ሥሩ ተለጥጧል፣ ቀለምም አይዝም። በአልትራሳውንድ ጥርት ብሎ ባይታይ ኖሮ ቀጣዩ ኤም አር አይ ይሆን ነበር። ዲ ዳይመር የሚባለው የደም ምርመራ በእርግዝና ጊዜ በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል ለእሷ ብዙም አይረዳም። ፍሰቱ ፌዚክ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በከፊል የተዘጋ የዳሌ ሥር ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ሙሉ እግሯ ያበጠ ሴት በጥሩ ሪፖርት ብቻ አትሰናበትም።

ሕክምናው በክብደቷ ልክ የሚሰጥ የሄፓሪን መርፌ ነው፤ ወደ ፅንሱ አያልፍም። ዋርፋሪን ግን ስለሚያልፍ በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። መርፌው እስክትወልድ ይቀጥላል፤ ከወሊድ በኋላም ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሕክምናው አይቋረጥም፣ በጠቅላላውም ከሦስት ወር አያንስም። ሕክምናው ሲያበቃ አንድ አልትራሳውንድ መሠራት አለበት። እግሯ ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢያብጥ፣ የሚታየው አዲስ የረጋ ደም ይሁን የቀድሞው ጠባሳ የሚለየው ከዚያ ሪፖርት ጋር ተመሳክሮ ነው።