ከዱቄት ፋብሪካው ወደ ብስኩት ፋብሪካው የሄደው 10 ሚሊዮን ብር

አንድ እናት ኩባንያ ሁለት ፋብሪካዎች አሉት እንበል፤ አንዱ ስንዴ ይፈጫል፣ ሌላው ብስኩት ይጋግራል። ሁለቱም የየራሳቸው የንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ሂሳብና የሂሳብ መዝገብ አላቸው። ጥር 1 ቀን ብስኩት ፋብሪካው የስኳር መግዣ ገንዘብ አጠረውና ከዱቄት ፋብሪካው 10 ሚሊዮን ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበደረ።

የዱቄት ፋብሪካው ሂሳብ ሠራተኛ «ከእህት ኩባንያ ተሰብሳቢ ብድር» የሚለውን ሂሳብ 10 ሚሊዮን ዴቢት፣ ባንክን ደግሞ በዚያው ልክ ክሬዲት ያደርጋል። የብስኩት ፋብሪካው ባልደረባው ባንክን ዴቢት አድርጎ «ለእህት ኩባንያ ተከፋይ ብድር» በሚለው ሂሳብ ላይ ክሬዲት ይመዘግባል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የስድስት ወር ወለድ 600 ሺህ ብር ደርሷል። ገና ባይከፈልም መመዝገቡ አይቀርም፤ አበዳሪው ዘንድ ተሰብሳቢ ወለድና ገቢ፣ ተበዳሪው ዘንድ የወለድ ወጪና ተከፋይ ወለድ ሆኖ ይገባል።

ችግሩ የሚመጣው እናት ኩባንያው የሁለቱን ሂሳብ አጠቃሎ አንድ መግለጫ ሲያወጣ ነው። ዝም ብሎ ከደመራቸው፣ ከውጭ ሰው የማይሰበሰብ 10.6 ሚሊዮን ብር በንብረት በኩል፣ ለውጭ ሰው የማይከፈል 10.6 ሚሊዮን ብር ደግሞ በዕዳ በኩል ተደርድሮ ይታያል። ገንዘብን ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ያዛወረ ሰው ሀብቴም ዕዳዬም ጨመረ እንደማለት ነው። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 10 በቡድኑ ውስጥ የተደረገ ግብይት ሁሉ ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ ያዛል። ስረዛው የቀደመውን ምዝገባ ይገለብጣል፤ ተከፋይ ብድሩ፣ ተከፋይ ወለዱና የወለድ ገቢው ዴቢት፣ ተሰብሳቢዎቹና የወለድ ወጪው ክሬዲት ይሆናሉ።

ይህ ምዝገባ የሚጻፈው በማጠቃለያው የሥራ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የሁለቱ ፋብሪካዎች መዝገብ አይነካም፤ በሕግ ፊት ዕዳው ዕዳ ነውና። ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ስረዛው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ «ዓምና ሰርዘነዋል» ብሎ መዝለል ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስህተት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሁለቱ መዝገቦች ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ብስኩት ፋብሪካው ሰኔ 30 ከብድሩ 500 ሺህ ብር በሲፒኦ ከፈለ፣ ዱቄት ፋብሪካው ግን ሐምሌ 2 ተቀብሎ መዘገበ እንበል። ተበዳሪው 9.5 ሚሊዮን ዕዳ አለብኝ ሲል አበዳሪው 10 ሚሊዮን አለኝ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ገንዘቡ መንገድ ላይ ነው። መፍትሔው በሥራ ወረቀቱ ላይ 500 ሺውን «በመንገድ ላይ ያለ ገንዘብ» ብሎ ዴቢት፣ ተሰብሳቢውን ክሬዲት ማድረግ፣ ከዚያም የቀረውን 9.5 ሚሊዮን መሰረዝ ነው።

ሌላው ልዩነት ከወለድ ስሌት ይመጣል። አበዳሪው ስድስት ወሩን የዓመት ግማሽ አድርጎ 600 ሺህ ሲመዘግብ፣ ተበዳሪው 180ውን ቀን ለ365 አካፍሎ 591,781 ብር መዝግቧል። የ8,219 ብር ልዩነት ስህተት እንጂ የጊዜ ጉዳይ ስላልሆነ በሥራ ወረቀት አይታለፍም፤ ውሉ ይነበብና የተሳሳተው ወገን የራሱን መዝገብ ያርማል። ልዩነቱን «ልዩ ልዩ» በሚል ሂሳብ ውስጥ መወርወር ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከመሳሳትም የከፋ ነው፤ ከአንዱ ባንክ ወጥቶ ሌላው ጋ ያልደረሰ ገንዘብ የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ መዝገቦች ቢገጥሙም ትርፉ ይዛባል። ብስኩት ፋብሪካው በብድሩ አዲስ የመጋገሪያ መስመር እየገነባ ከሆነ ወለዱን በወጪ ፋንታ በግንባታው ዋጋ ላይ ሊደምረው ይችላል። ያን ጊዜ የአበዳሪውን ገቢ የሚያጣፋ ወጪ የለም። ቡድኑ ከውጭ ምንም ካልተበደረ ገቢው ከግንባታው ዋጋ ጋር ይሰረዛል፤ የቡድኑ ትርፍም በ600 ሺህ ብር ይወርዳል።

በእኛ አገር አንድ ነገር ይታወቅ። «እህት ኩባንያ» የምንላቸው ብዙዎቹ እናት ኩባንያ የላቸውም፤ የአንድ ባለሀብት የግል ንብረት ናቸው። አጠቃላይ የሚያቀርብ እናት ኩባንያ ከሌለ ስረዛም የለም፤ ብድሩ በየመግለጫው ላይ እንዳለ ይቆያል፣ በማብራሪያው ክፍልም ከተዛማጅ ወገን ጋር የተደረገ ግብይት ተብሎ ይገለጻል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ድርጅት ብድር የሚሰጥ ወይም አክሲዮኑን የሚገዛ ሰው የአንዱን መግለጫ ብቻ አይቶ አይወስን፤ የእህቱንም ይጠይቅ፣ ተሰብሳቢ የተባለው ብድር በተበዳሪዋ መዝገብ ላይ በዚያው ልክ መኖሩንም ያመሳክር።