የኮንክሪት ጣራ ዝናም እንዳያስገባ፤ ምን ከምን በፊት ይነጠፋል?



ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣራ በክረምት ሲያፈስ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ሲሚንቶውን ወይም ግንበኛውን ነው። ነገር ግን ዕቃው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ የንጣፎቹ ቅደም ተከተል በመዛባቱ ብቻ የሚያፈስ ጣራ ብዙ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በሶሌታው ላይ የትኛው ንጣፍ ከየትኛው በፊት መምጣት እንዳለበት ከነምክንያቱ እናስረዳለን።

ኮንክሪት ለዐይን ጠጣር ቢመስልም በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉበት። ውሃ በላዩ ተኝቶ ከሰነበተ በእነዚህ በኩል ሰርጎ ወደ ብረቱ ይደርሳል። ብረቱም ሲዝግ ያብጣል፤ አብጦም ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። እንግዲህ በኮርኒሱ ላይ የሚታየው እድፍ የቀለም ጉዳት ብቻ ሳይሆን ሶሌታው ራሱ መታመም መጀመሩን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመከላከል በሶሌታው ላይ ሦስት ንጣፎች ይደረጋሉ። የመጀመሪያው ውሃውን ወደ መውረጃው የሚያዘነብል ስክሪድ ነው። ሁለተኛው በሬንጅ የተሠራው ውሃ የማያስተላልፍ ምንጣፍ፥ በባለሙያዎች አጠራር ሜምብሬን ነው። ሦስተኛው ሜምብሬኑን ከፀሐይና ከእግር የሚጠብቅ መከላከያ ነው።

አንዳንድ ሠራተኞች ግን ሜምብሬኑን በቀጥታ በሶሌታው ላይ ካነጠፉ በኋላ ስክሪዱን በላዩ ያፈሳሉ። ሥራው ሲያልቅ ጣራው ያማረና ዘንበል ያለ ይመስላል። ይሁን እንጂ ስክሪድ ውሃ ይመጥጣል፤ የመጠጠውም ውሃ ወርዶ ከሜምብሬኑ ላይ ይደርሳል። ሜምብሬኑ ያረፈበት ሶሌታ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ውሃው የሚሄድበት ስለሌለው እዚያው ይቀመጣል። አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብትገኝ ያ ሁሉ ውሃ በእርሷ በኩል ይወርዳል። ምልክቱም ዝናሙ ካባራ ሁለትና ሦስት ቀን አልፎት እንኳ ኮርኒሱ መንጠባጠቡን አለማቆሙ ነው። እንዲህ ባለው ጣራ ላይ ሌላ ሲሚንቶ መደረብ ክብደት ከመጨመር በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም።

አሁን ትክክለኛውን አሠራር በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በአዲስ አበባ ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ ሶሌታ አለ እንበል። ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲሜትር ዝቅታ ልንሰጠው አሰብን። ውሃው 8ቱን ሜትር ተሻግሮ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲወርድ ካደረግን፥ ስክሪዱ በመውረጃው በኩል 4፥ በማዶው ደግሞ 20 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህም ከተራ አሸዋና ሲሚንቶ ቢሠራ ወደ 19 ቶን የሚጠጋ ክብደት ነው። በመካከሉ ከፍ አድርገን ወደ ሁለት ወገን ብናዘነብለው ግን ከፍተኛው ውፍረት 12 ሴንቲሜትር፥ ክብደቱም ወደ 13 ቶን ይሆናል። በአሸዋ ፈንታ ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲገባበት ክብደቱ ይበልጥ ይቀንሳል፤ በውስጡ ያለው አየርም የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያበርዳል። ፑሚሱ ሻካራ ስለ ሆነ ፊቱ በቀጭን የአሸዋና የሲሚንቶ ልስን ይስተካከላል። ሶሌታው ይህን ሁሉ ለመሸከም መቻሉን አስቀድሞ መሐንዲስ ማረጋገጥ አለበት።

ግድግዳና ጣራ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ሜምብሬኑ በቀጥታ ከታጠፈ ይሰበራል። ስለዚህ ማዕዘኑ ሁሉ 5 ሴንቲሜትር ያህል በሆነ ዘንባላ ልስን ይሞላል።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። እርጥብ ስክሪድ በሜምብሬን ከተሸፈነ በውስጡ የታፈነው ውሃ ፀሐይ ሲመታው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ምንጣፉን እንደ እንጀራ ዐይን በየቦታው ያሳብጠዋል። መድረቁን ለመፈተን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በስክሪዱ ላይ አጣብቆ እስከ ማግስቱ መተው ነው። ላስቲኩ ሲገለጥ ከሥሩ የውሃ ነጠብጣብ ከታየ ወይም ስክሪዱ ከጠቈረ ገና ነው። ወፍራሙ ክፍል ከውስጥ ቶሎ ስለማይደርቅ በከፍታው መስመር ላይ አንድ ሁለት የእንፋሎት ማስወጫ ቧንቧ መትከል ይበጃል። በእኛ አገር ስክሪዱ በኅዳር ፈስሶ ሜምብሬኑ በጥር ቢነጠፍ የበልጉ ዝናም አይደርስበትም።

ስክሪዱ ሲደርቅ ተጠርጎ ቀጭን የሬንጅ ቅብ ይቀባል። ከዚያም 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሜምብሬን በጋዝ ነበልባል እየቀለጠ ይለጠፋል። አነጣጠፉ እንደ ሣር ቤት አከዳደን ነው፤ ከታች ከመውረጃው ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛው የታችኛውን 10 ሴንቲሜትር ይደርበዋል። እንዲህ ሲሆን የሚወርደው ውሃ በመጋጠሚያው ላይ ያልፋል እንጂ ወደ ውስጡ አይገባም። በጠርዙ ግንብ ላይም ሜምብሬኑ ከመጨረሻው የጣራ ፊት በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር መውጣት አለበት። ይህ ልክ መለካት ያለበት ከሜምብሬኑ ሳይሆን ገና ከሚመጣው መከላከያ ፊት ነው፤ ይህ ስለሚዘነጋ ብዙ ጣራ በጠርዙ በኩል ያስገባል።

መከላከያው ከመሠራቱ በፊት ጣራው በውሃ ይፈተናል። መውረጃዎቹ ተደፍነው በዝቅተኛው ቦታ 5 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ይሞላል፤ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆያል። ውሃው ያልደረሰበት ከፍታ ደግሞ በጎማ ለረጅም ጊዜ ይረጫል። አንድ ሴንቲሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ስለሚመዝን ከዚህ አብልጦ መሙላት አይገባም። ኮርኒሱ ከታች ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ሥራው ይቀጥላል። ጉድለት ቢገኝ ዛሬ የሚታረመው በአንድ ቁራጭ ምንጣፍ ነው፤ መከላከያው ከተደረበ በኋላ ግን ሁሉን ማፍረስ ይጠይቃል።

በመጨረሻ መከላከያው ይመጣል። ሬንጅ በፀሐይ እየደረቀ ይሰነጣጠቃልና ገላውን ትቶ መሄድ አይገባም። ነገር ግን ሲሚንቶ በቀጥታ ከሜምብሬኑ ጋር ከተጣበቀ ሌላ ጉዳት ያመጣል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 3 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ማታ ደግሞ ያጥራል። ከሜምብሬኑ ጋር ከተያያዘ በየቀኑ እየጐተተ ይቀደዋል። ስለዚህ በመካከላቸው የላስቲክ ምንጣፍ ይዘረጋል፤ በላዩም 5 ሴንቲሜትር ያህል ሲሚንቶ በየሁለት ወይም በየሦስት ሜትሩ ተከፋፍሎ ይፈሳል። በክፍሎቹ መካከልና በጠርዙ ግንብ ዙሪያ የሚተወው ክፍተት በሬንጅ ይሞላል። ሰው የማይመላለስበት ጣራ ከሆነ በወፍራም ጨርቅ ላይ የተነጠፈ ንጹሕ ጠጠር ይበቃዋል።

አድማጮቻችን፤ ቤት የምታሠሩ ሁሉ የጣራውን ክፍያ በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ በሦስት ብትከፍሉት ይሻላል። አንዱን ስክሪዱ በላስቲክ ተፈትኖ ሲደርቅ፥ ሁለተኛውን ሜምብሬኑ የውሃውን ፈተና ሲያልፍ፥ ሦስተኛውን መከላከያው ሲያልቅ ስጡ። ከዚያ ወዲያ ለባለቤቱ የሚቀርለት ሥራ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ወደ ጣራው ወጥቶ መውረጃዎቹን ከቅጠልና ከአፈር ማጽዳት ነው።