18 የተባለው ቺፑድ 16 ሲሆን

ለልጄ የመጽሐፍ መደርደሪያ ልሠራ ቺፑድ ገዛሁ። 18 ሚሊሜትር ነው ተብዬ ነበር። ቤት አምጥቼ በካሊፐር ስለካው 16 ሆነ። ሥዕሉን ግን አስቀድሜ በ18 ጨርሼዋለሁ። ስፋቱ ከውጭ ወደ ውጭ 800 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በሁለቱ ጎኖች መካከል የሚገቡት አምስት አግዳሚዎች 800 ሲቀነስ 36፣ ማለትም 764 ሊቆረጡ ነበር። በ16ቱ ቺፑድ 768 መሆን አለባቸው። እንዳለ ባስቆርጠው ኖሮ ሳጥኑ 796 ላይ ይቀርና 800 ተብለው የተቆረጡት ክዳንና ጀርባ 4 ሚሊሜትር ይተርፋሉ።

በቤቱ ዕቃ ለሚሠራ ሰው ስኬችአፕን፣ ፍሪካድንና ፊውዥንን የሚለያቸው ይህ ሁኔታ ነው። ሦስቱም መደርደሪያውን ይስላሉ። ልኩ ሲቀየር ግን እያንዳንዱ የሚጠይቀው ሥራ የተለያየ ነው።

ስኬችአፕ እርሳስ እንደመያዝ ነው። አራት ማዕዘን ትስላለህ፣ `Push/Pull` በሚባለው መሣሪያ ጎትተህ ውፍረት ትሰጠዋለህ፤ ጀማሪም በአንድ ከሰዓት በኋላ የመደርደሪያውን መልክ ያወጣል። ችግሩ የሚነካኩ ቅርጾች እርስ በርስ መጣበቃቸው ነው። አንዱን አግዳሚ ስታንቀሳቅስ ጎኑም አብሮ ከተለጠጠ ሳትለያቸው ሠርተሃል ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ተሠርቶ እንዳለቀ፣ ሌላ መስመር ሳይነካው፣ `Component` መደረግ አለበት። አምስቱ አግዳሚዎች የአንድ ኮምፖነንት ቅጂዎች ከሆኑ አንዱን ስታስተካክል አምስቱም ይስተካከላሉ። ያም ሆኖ የጎኖቹን ውፍረት በ2 ሚሊሜትር መቀነሱ፣ አግዳሚውን ከግራና ከቀኝ 2 ሚሊሜትር መሳቡ የእጅ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ 768 የመጣው ከ800 መሆኑን አያውቅም። ለአንድ ጊዜ ሥራ ይህ ችግር አይደለም። ነፃው ዓይነት ግን የሚሠራው በብራውዘር ስለሆነ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራውም ይቋረጣል፤ የመቁረጫ ዝርዝር የሚያወጡትን ተጨማሪ መሣሪያዎችም አይቀበልም፤ ልኩን አንድ በአንድ ወደ ወረቀት መገልበጥ ግድ ነው።

ፍሪካድ ሌላ ጠባይ አለው። ሥራው የሚጀምረው ልኮቹን በሠንጠረዥ በመጻፍ ነው። `Spreadsheet` ከፍቼ በአንድ ሳጥን 800mm፣ በሌላው 18mm አስገባሁ፤ ለሁለቱም `width` እና `thick` የሚል ስም ሰጠኋቸው። (ለውፍረቱ `t` ብለህ ስም ብትሰጥ አይቀበልህም፤ እሱ ዘንድ `t` ቶን ነው።) ከዚያ የአግዳሚው ርዝመት በሚጻፍበት ቦታ ቁጥር ሳይሆን ይህን አስገባሁ፦

```
Spreadsheet.width - 2 * Spreadsheet.thick
```

18ቱን 16 ሳደርገው አግዳሚው ራሱ 768 ሆነ፤ ጎኖቹም ቀጠኑ። ይህን ሳይ ነው ፍሪካድን የወደድኩት። ነፃ ነው፣ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አስቸጋሪነቱ ግን የታወቀ ነው። አዲስ ንድፍ በተሠራ ቁራጭ ፊት ላይ ከለጠፍክ፣ ልኩ ሲቀየር ፕሮግራሙ የትኛው ፊት እንደነበር ይጠፋበትና ለብሎን ያዘጋጀኸው ቀዳዳ ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ወይም በግራ ባለው ዝርዝር ላይ የስህተት ምልክት ታያለህ። በኅዳር 2017 የወጣው 1.0 ይህን ብዙ አቃልሎታል እንጂ ጨርሶ አላጠፋውም። መድኃኒቱ ንድፎችን በመነሻ ወለሎቹ ላይ መሥራት ነው። የንድፉ መስመሮች በሙሉ አረንጓዴ ሲሆኑ ደግሞ ያልተወሰነ ልክ የለም ማለት ነው።

ፊውዥንም ልክን በስም ይይዛል፤ `Change Parameters` በሚለው ውስጥ ያው ስሌት ይሠራል፤ አያያዙም ከፍሪካድ የተስተካከለ ነው። ለግል ጥቅም የሚሰጠው ነፃ ፈቃድ ግን በአንድ ጊዜ የሚስተካከሉ 10 ፋይሎችን ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሙሉው መደርደሪያ በአንድ ፋይል ስለሚገባ ገደቡ ለቤት ሥራ አይጠብም። ሥራዎችህ የሚቀመጡት ግን በድርጅቱ ሰርቨር ነው፤ ሊኑክስ ላይም አይሠራም። ጎረቤት እያዘዘህ መሸጥ ስትጀምር ደግሞ ፈቃዱ ንግድን እንደማይሸፍን አስብ። እኔ ፊውዥንን የምመርጠው ቁራጩ በሲኤንሲ ማሽን የሚቆረጥ ወይም ክብ ቅርጽ የበዛበት ከሆነ ነው፤ ለቀጥተኛ ቺፑድ ግን አስፈላጊነቱ አይታየኝም።

እንግዲህ አንድ የጫማ መደርደሪያ ብቻ ልትሠራ ከሆነና ኢንተርኔትህ የማያስቸግር ከሆነ ስኬችአፕ ይበቃሃል። ያንኑ ዕቃ በተለያየ ስፋት ደጋግመህ የምትሠራ ከሆነ፣ ወይም ሰሌዳው ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ሳታውቅ የምትስል ከሆነ፣ ፍሪካድን ለመልመድ የሚጠፋው ሳምንት ይክስሃል። እኔ አሁን መጀመሪያ ቺፑዱን እገዛለሁ፤ በካሊፐር ሦስት ቦታ እለካለሁ፤ ከዚያ ነው `thick` በሚለው ሳጥን ውስጥ ቁጥር የማስገባው።