የላፕቶፕ ቻርጀር ተስማሚነትን ከጽሑፉ ፎቶግራፍ ስለመለየት

በሰርቦ ከተማ የሚኖር ተገልጋይ የላፕቶፑ ቻርጀር ሲበላሽ ምትኩን በአብዛኛው የሚፈልገው ጅማ ነው። ደርሶ መልሱ ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ነጋዴው በቴሌግራም የላከውን የቻርጀር ፎቶግራፍ ተመልክቶ ዋጋውን አስቀድሞ መክፈል የተለመደ ሆኗል። ይሁንና በቻርጀሩ ላይ የታተመው ጽሑፍ የሚናገረውና የማይናገረው ነገር ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል።

ለአብነት በቡና ለቀማ ወቅት ከአርሶ አደሮች የሚረከበውን እሸት ቡና የሚመዘግብ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። የሚሠራበት ዴል ላፕቶፕ ከሥሩ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ይላል። ነጋዴው የላከለት ፎቶግራፍ ደግሞ የሚከተለውን ያሳያል፦

```
INPUT: 100-240V~ 50-60Hz 1.7A
OUTPUT: 19.5V⎓3.33A 65W
```

INPUT የሚለው መስመር ቻርጀሩ ከግድግዳ ሶኬት የሚቀበለውን ኃይል የሚገልጽ ነው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት በመሆኑ 100-240 የሚል ቻርጀር ያለ ችግር ይሠራል፤ ከላፕቶፑ ጋር ስለመስማማቱ ግን ይህ መስመር ምንም አይናገርም። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ከላፕቶፑ ጽሑፍ ጋር መነጻጸር ያለበት OUTPUT የሚለው ነው።

በንጽጽሩ ቮልቱ እኩል መሆን ይኖርበታል። በ19 እና በ19.5 መካከል ያለው የግማሽ ቮልት ልዩነት በአብዛኛው ችግር አያስከትልም፤ 12 ቮልት ግን ላፕቶፑን አያስነሳም፣ 24 ቮልት ደግሞ ሊያቃጥለው ይችላል። የአምፔሩ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ቁጥሩ ቻርጀሩ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ በግድ የሚገፋው ባለመሆኑ፣ ከላፕቶፑ ቢበልጥ ጉዳት የለውም። በጉልህ ካነሰ ግን ቻርጀሩ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ይግላል። በምሳሌያችን ያለው የ0.01 ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ፎቶግራፉ የደበዘዘ ከሆነ 3 ቁጥር 8 ሊመስል፣ ነጥቧም ልትጠፋ ትችላለች። በዚህ ጊዜ ቮልቱን በአምፔሩ አባዝቶ ከዋቱ ጋር ማስተያየት ይበጃል። 19.5 በ3.33 ሲባዛ 65 ገደማ ይሆናል፤ አምፔሩ 8.33 ተብሎ ቢነበብ ውጤቱ ከ162 ስለሚበልጥ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል።

እስከዚህ ድረስ ቻርጀሩ ተስማሚ ይመስላል። ነገር ግን በላፕቶፑ ላይ የሚሰካው ጫፍ ልክ ብዙውን ጊዜ በጽሑፉ ላይ አይገለጽም። ስለዚህ ነጋዴው ጫፉን ከፊት ለፊት፣ ከማስመሪያ አጠገብ አድርጎ ሁለተኛ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከጎን የተነሣ ፎቶግራፍ የውጭውን ውፍረት እንጂ የውስጡን ቀዳዳ አያሳይም፤ ውጫቸው እኩል 5.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ የውስጣቸው ስፋት 1.7 ወይም 2.5 የሆኑ ጫፎች በዚህ ምክንያት ይምታታሉ።

የሒሳብ ሠራተኛው ላፕቶፕ የሚቀበለው የውጩ ስፋት 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነና መካከሉ ላይ ቀጭን መርፌ ያለው ጫፍ ነው። በሁለተኛው ፎቶግራፍ የታየውም 4.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ይህም የኤችፒ ቻርጀር መለያ ነው። ቮልቱ አንድ ነው፣ ጫፉም ይገባል። ይሁን እንጂ ዴል ላፕቶፕ በመካከለኛዋ መርፌ አማካይነት የቻርጀሩን ማንነትና አቅም ይጠይቃል፤ የኤችፒው ቻርጀር የሚጠበቀውን መልስ አይሰጥም። በዚህ ጊዜ ላፕቶፑ ሲበራ `The AC power adapter wattage and type cannot be determined` የሚል መልእክት ሊያወጣ፣ ፍጥነቱን ሊቀንስና ባትሪውን ከመሙላት ሊቆጠብ ይችላል። ሶኬት ላይ እያለ የሚሠራ ስለሚመስል ጉድለቱ ቶሎ አይስተዋልም፤ የሚታወቀው መብራት ሲጠፋና ያልተቀመጠው መዝገብ አብሮ ሲጠፋ ነው። መርፌዋ በተሰበረች የራሱ የዴል ቻርጀርም ያው መልእክት ይወጣል።

በመሆኑም የሒሳብ ሠራተኛው መጠየቅ የነበረበት ለዴል የተሠራና 4.5 ሚሊ ሜትር ጫፍ ያለው ባለ65 ዋት ቻርጀር ነው። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊትም ዕቃው ካልተስማማ እንደሚለወጥ ከነጋዴው ጋር መስማማትና ደረሰኝ መቀበል ይኖርበታል። ቻርጀሩ ሰርቦ እንደደረሰ ላፕቶፑን በሚያበራበት ጊዜ F2 ቁልፍን በመጫን በሚከፈተው ገጽ AC Adapter ከሚለው መስመር ትይዩ ያለውን ይመልከት። 65W የሚል ከሆነ ላፕቶፑ ቻርጀሩን አውቆታል፤ የዋቱ መጠን ካልታየ ግን ዕቃው በዕለቱ ወደ ጅማ ሊመለስ ይገባል።